አይስ ቴብል ላይ «x ትንሽ ነው» ብዬ ሠራሁ፣ መልሱ ግን አልገጠመም

ቃል_ፍሬሽ

ሰላም ለሁላችሁ። የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፣ ጀነራል ኬሚስትሪ ላይ ኢኩሊብሪየም ደርሰናል። ከትናንት ማታ ጀምሮ አንድ ጥያቄ ይዞኛል።

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ 2.00 ሊትር በሚይዝ ዝግ ዕቃ ውስጥ 0.400 ሞል ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይገባና 800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ይሞቃል። ጋዙ በከፊል ወደ ሃይድሮጅንና ወደ ሰልፈር ይበተናል። Kc 1.67×10⁻⁷ ተሰጥቷል። ሚዛን ላይ ሲደርስ የሦስቱም ኮንሰንትሬሽን ስንት ነው?

0.400 ሞሉን ለ2.00 ሊትር አካፍዬ 0.200 ሞላር አገኘሁ። ከዚያ ሠንጠረዡን እንዲህ ሠራሁት፦

```
        2H2S      ⇌   2H2   +   S2
መነሻ     0.200         0         0
ለውጥ     -2x          +2x        +x
ሚዛን    0.200-2x       2x         x
```

K በጣም ትንሽ ስለሆነ 0.200-2x የሚለውን 0.200 ብቻ አድርጌ ወሰድኩት። ቀጥዬ ይህን ጻፍኩ፦

```
1.67×10⁻⁷ = 2x²·x / (0.200)²
2x³ = 6.68×10⁻⁹
x = 0.001495
```

ከጥያቄዎቹ ጋር የተሰጠን መልስ ግን ሰልፈር 0.00119 ሞላር፣ ሃይድሮጅን 0.00237 ሞላር ይላል። እንደሚመስለኝ ስህተቱ የመጣው 2xን ከ0.200 ላይ በመተዌ ነው። ሳልተወው ልሥራ ብዬ ስሞክር ደግሞ x ኪዩብም x ስኩዌርም ያለበት እኩልታ መጣብኝና እዚያው ቆምኩ። ምን ላድርግ?

---

ዳግም77

እህቴ፣ መተውሽ ልክ ነው፣ እሱን አትጠራጠሪ። እኛ የተማርነው K ከ10⁻⁴ በታች ከሆነ xን ዝም ብለሽ ትተዪዋለሽ ነው። የአንቺ K በጣም ከዚያ በታች ስለሆነ ግምቱ ሁልጊዜ ይሠራል። ካልኩሌተር ላይ ኪዩብ ሩቱን ስትጫኚ ተሳስተሽ እንዳይሆን ደግመሽ እዪው።

---

አቤል_አዳማ

ይሄን ያህል መድከም አያስፈልግም፣ አቋራጭ አለው። x ማለት K እና መነሻው ኮንሰንትሬሽን ተባዝተው ስኩዌር ሩት ነው። እኔ ለፈተና ሁሌ እሱን ነው የምጠቀመው። እዚህም 1.67×10⁻⁷ ሲባዛ በ0.200 ስኩዌር ሩቱ 0.000183 መጣልኝ። ምናልባት የተሰጣችሁ መልስ ራሱ ተሳስቶ ይሆናል።

---

መምህር_ወሎ

ቃል፣ ልጄ፣ ሠንጠረዥሽ አንድም እንከን የለውም። ሞሉን ወደ ሞላር ቀይረሽ ነው የጀመርሽው፣ የለውጡን መስመርም ከፊት ቁጥሮቹ ጋር አስማምተሽዋል። ብዙ ተማሪ የሚወድቀው እዚያ ላይ ስለሆነ ይህን ማለፍሽ ደስ ይላል። ስህተቱ ግምቱም አይደለም፣ ካልኩሌተሩም አይደለም።

በመጀመሪያ ያየሁት ቁጥርሽን ነው። ያንቺን 0.001495 ለትክክለኛው 0.00119 ሳካፍለው ወደ 1.26 ይመጣል። 1.26 የ2 ኪዩብ ሩት ነው። ስለዚህ ኪዩብ ሩት ከመወሰዱ በፊት የሆነ ቦታ ላይ አንድ 2 ጠፍቷል ማለት ነው። ወደ ላይ ተመልሼ ሳይ አገኘሁት፦ የሃይድሮጅን ኮንሰንትሬሽን 2x ነው፣ ስኩዌር የሚደረገውም 2x በሙሉ ነው። አንቺ xን ብቻ ስኩዌር አድርገሽ 2ን ውጭ ተውሽው። (2x)² ማለት 4x² ነው። ቅንፉን ስትጽፊ እንዲህ ይሆናል፦

```
1.67×10⁻⁷ = (2x)²·x / (0.200)²
4x³ = 6.68×10⁻⁹
x³  = 1.67×10⁻⁹
x   = 1.19×10⁻³
```

2x ደግሞ 2.37×10⁻³ ይመጣል። የተሰጣችሁ መልስ ልክ ነው።

የመልስ ወረቀት በሌለበት ይህን ስህተት በምን ታውቂዋለሽ? ያገኘሻቸውን ሦስት ኮንሰንትሬሽኖች ወደ K ቀመር መልሰሽ አስገቢ። የመጀመሪያውን x ስታስገቢ 3.44×10⁻⁷ ይመጣል፣ ከተሰጠው K እጥፍ ያህል። ግምቱ የሚያመጣው ስህተት ጥቂት በመቶ ነው፣ እጥፍ አያደርስም። አዲሱን x ስታስገቢ ወደ 1.71×10⁻⁷ ይመጣል፤ ከ1.67 የምትለየው ያቺ ትንሽ ልዩነት ናት ከግምቱ የመጣችው። ስለዚህ ልዩነቱ እጥፍ ወይም ግማሽ ከሆነ ቅንፍና የፊት ቁጥር ፈልጊ፣ ጥቂት በመቶ ከሆነ ግምቱ ነው።

አቤል፣ ያንተ አቋራጭ እውነተኛ ነው፣ ግን የሌላ ሪአክሽን ነው። እንደ አሴቲክ አሲድ ያለ አንድ ሞለኪውል ተከፍሎ አንድ አንድ ሲሰጥ የላይኛው x ሲባዛ በx ይሆናል፣ የታችኛው አንዴ ብቻ ይገባል፣ ስለዚህ ስኩዌር ሩት ይወጣል። እዚህ ላዩ ላይ x ሦስት ጊዜ ነው የሚባዛው፣ ታቹም ስኩዌር ነው። አቋራጩ ራሱ ከሆነ ሰው ሠንጠረዥ መጨረሻ ላይ የወጣ ነው፤ ሪአክሽኑ ሲቀየር ሠንጠረዡም ይቀየራል።

---

አቤል_አዳማ

አመሰግናለሁ መምህር። ርዕሱ ላይ «x ትንሽ ነው» የሚለውን አይቼ የአሲድ ጥያቄ መስሎኝ ነው የመለስኩት። ሪአክሽኑን አላየሁትም ነበር።

---

ቃል_ፍሬሽ

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቅንፉ! አሁን ደግሜ ሠራሁት፣ ገጠመ።

አንድ ነገር ግን አሁንም አልገባኝም፣ ክፍል ውስጥም ለመጠየቅ አፍሬ ነው የተውኩት። x ትንሽ ስለሆነ እንተወዋለን ካልን ለምን ከታች ብቻ እንተወዋለን? ከላይ ያለው 2xም እኮ ያው ራሱ ነው። ትንሽ ከሆነ ከላይም ዜሮ ነው ማለት የለብንም?

---

መምህር_ወሎ

መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ነው፣ ያፈርሽበት ምክንያት የለም።

ከአንድ ኩንታል ጤፍ ላይ አንድ ጭብጥ ቢነሳ ባለቤቱ አሁንም ኩንታል ጤፍ አለኝ ይላል፣ ማንም አይከራከረውም። ያ ጭብጥ ጤፍ ግን ባዶ እጁን ለቆመ ሰው ቢሰጥ፣ ሰውየው ያለው ጤፍ በሙሉ ያ ነው። «ትንሽ ስለሆነ ምንም የለህም» ሊባል አይችልም። ጭብጧ ያው አንድ ናት፣ የተለየው ከምን ጋር እንደቆመች ነው።

0.200-2x ላይ 2x የሚቀነሰው ከትልቅ ቁጥር ነው፤ 0.200 ላይ 0.00237 ቢነሳ 0.198 ይቀራል፣ ብዙ አልተነካም። ከላይ ግን ሃይድሮጅኑ ከዜሮ ነው የተነሳው። 2x ብቻውን ቆሟል፣ ከእሱ በቀር ሌላ ሃይድሮጅን የለም። እሱን ዜሮ ካልሽው K ራሱ ዜሮ ሆነ ማለት ነው፣ የምትፈልጊውንም ነገር ጣልሽው።

ስለዚህ የሚተወው የሚደመርበት ወይም የሚቀነስበት ትልቅ ጎረቤት ያለው x ብቻ ነው። ብቻውን የቆመ ወይም የሚባዛ x አይነካም። ፈተና ሳርም ከላይ ያለው x የተሰረዘበት ወረቀት በየዓመቱ ይገጥመኛል፣ ልጆቹ «ትንሽ ነው» የሚለውን ቃል ብቻ ይዘው ከምን አንጻር እንደሆነ ስለሚረሱ ነው።

---

ዳግም77

መምህር፣ ግምቱ ይሠራል ያልኩት ግን ልክ ነበር አይደል? K ከ10⁻⁴ በታች ነው።

---

መምህር_ወሎ

እዚህ ጥያቄ ላይ ልክ ነበርክ። «ሁልጊዜ» ያልከው ላይ ግን አልስማማም። Kን ብቻ አይቶ መወሰን አይቻልም፣ መነሻው ኮንሰንትሬሽንም ይወስናል። ያንኑ ጋዝ፣ በዚያው 800 ዲግሪ፣ በዚያው K፣ ግን 0.200 ሳይሆን 0.000100 ሞላር አድርገህ ሥራውና ምን እንደሚመጣ ንገረን።

---

ዳግም77

ሠራሁት። 4x³ = 1.67×10⁻¹⁵፣ x = 7.47×10⁻⁶ መጣ። 2x ደግሞ 1.49×10⁻⁵ ነው። ከ0.000100 ጋር ሳወዳድረው 15 በመቶ ያህል ሆነ! ይሄማ የሚተው አይደለም። K ምንም ሳይነካ እንዴት ሊሆን ቻለ?

ቆይ ግን፣ አንድ ሌላ ሕግም አውቃለሁ። መነሻው ኮንሰንትሬሽን ለK ሲካፈል ከ500 ከበለጠ ግምቱ ይፈቀዳል የሚባል። ይሄ ኮንሰንትሬሽኑንም ያስገባል። ግን እዚህ 0.000100 ለ1.67×10⁻⁷ ሲካፈል 599 ነው የሚመጣው፣ ከ500 በላይ ነው። ስለዚህ ሕጉ ይፈቅዳል፣ ስሌቱ ደግሞ 15 በመቶ ይላል። ግራ ገባኝ።

---

ሂሳብ_ወዳድ

ዳግም፣ በጣም ጥሩ ቦታ ላይ ነው ያረፍከው። የ500 ሕግ የተሠራው አቤል ለጠቀሰው የአሲድ ዓይነት ሠንጠረዥ ነው። እዚያ የሚበተነው ክፍል የK/C ስኩዌር ሩት ነው። C/K 599 ከሆነ 4.1 በመቶ ይመጣል፣ ከ5 በታች ስለሆነ ያልፋል።

የቃል ሪአክሽን ላይ ግን ቁጥሮቹን ትተህ በፊደል ብትሠራው፣ የሚበተነው ክፍል የ2K/C ኪዩብ ሩት ሆኖ ይወጣል። ኪዩብ ሩት ደግሞ ትንሽን ቁጥር ከስኩዌር ሩት ይልቅ ወደ ላይ ይገፋዋል። ያው 599 እዚህ 15 በመቶ ይሆናል። 5 በመቶ ላይ ለመቆም መነሻው ቢያንስ 0.0027 ሞላር አካባቢ መሆን አለበት። ቃል 0.200 ስለነበራት 1.2 በመቶ ብቻ መጣላት።

ስለዚህ አንድም ሕግ በጭንቅላት መያዝ አያስፈልግም ባይ ነኝ። ተውና ሥራ፣ ከዚያ የተውከውን ከተተወበት ጋር አወዳድር። ቁጥሩ ራሱ ይነግርሃል።

ስታወዳድሩ ደግሞ xን ሳይሆን የተቀነሰውን ሙሉ ነገር ነው የምታወዳድሩት። እዚህ የተቀነሰው 2x ነው። xን ብቻ ወስዶ 7.5 በመቶ ነው የሚል ሰው ግማሹን ነው ያየው።

---

መምህር_ወሎ

ሂሳብ_ወዳድ በደንብ አስቀመጠው። ምክንያቱን በኬሚስትሪው በኩል ልጨምር። ከግራ ሁለት ሞለኪውል ነው፣ ከቀኝ ሦስት። ጋዙ ሲሳሳ ሪአክሽኑ ሞለኪውል ወደሚበዛበት ወደ ቀኝ ያዘነብላል። K አልተለወጠም፣ ግን የሳሳው ጋዝ ከራሱ ላይ የሚበተነው ድርሻ ይበልጣል። ድርሻው ሲበልጥ ደግሞ «ትንሽ ነው» የምንለው ነገር ትንሽነቱ ይቀራል።

ዳግም ያገኘው 15 በመቶ ላይ ሲደርስ ብዙ ተማሪ ተስፋ ቆርጦ ሁሉንም ከመጀመሪያ ይጀምራል። አያስፈልግም። የተገኘውን x ወርውረህ አትጣለው፣ ወደ ታች መልሰህ አስገባው። ታቹ 0.000100 ሳይሆን 0.000100 ሲቀነስ 1.49×10⁻⁵፣ ማለትም 8.51×10⁻⁵ ነው በል። በእሱ xን እንደገና አውጣ፣ 6.71×10⁻⁶ ይመጣል። ያንን ደግሞ መልሰህ አስገባ፣ 6.79×10⁻⁶። አንዴ ጨምር፣ 6.78×10⁻⁶። ከዚህ በኋላ አይንቀሳቀስም። ቁጥሩ አንዴ አልፎ አንዴ አንሶ እየጠበበ ሲመጣ ታያለህ፣ ሁለት ተከታታይ ዙር አንድ ዓይነት መልስ ሲሰጡ ቁም።

ቃል «x ኪዩብም x ስኩዌርም ያለበት እኩልታ መጣብኝ» ብላ የቆመችው እዚህ ነው። እኩልታውን መፍታት ሳያስፈልጋት በዚህ መንገድ ትወጣዋለች።

---

ሂሳብ_ወዳድ

መምህር፣ አንድ ነገር ልከራከርዎት። 5 በመቶ የሚለውን ማን ወሰነው? 4.9 ያልፋል፣ 5.1 ይወድቃል ማለት ለእኔ ትርጉም አይሰጠኝም። እኩልታውን የሚፈታ ካልኩሌተር በእጃችን እያለ ለምን መጀመሪያውኑ እንገምታለን? እኔ ሁልጊዜ ሙሉውን ነው የምፈታው።

---

መምህር_ወሎ

5 በመቶ ከሰማይ የወረደ አይደለም፣ በዚህ እስማማለሁ። መነሻው ግን K ራሱ በልኬት የሚገኝ መሆኑ ነው፤ ብዙ ጊዜ K ራሱ ከጥቂት በመቶ በላይ አይታመንም። የማይታመን K ይዘህ አምስት አሃዝ ያለው x ብታወጣ ትርፉ ምንድን ነው?

ሁልጊዜ ሙሉውን መፍታት ላይ ደግሞ የምፈራው አንድ ነገር አለ። ኪዩብ ያለበት እኩልታ ሦስት መልስ ሊሰጥህ ይችላል። የትኛው እንደሚያስኬድ የምታውቀው ሠንጠረዡን ስትመለከት ነው፤ x አሉታዊ ሊሆን አይችልም፣ 2xም ከ0.200 ሊበልጥ አይችልም። ግምቱን መጀመሪያ የሠራ ልጅ መልሱ የት አካባቢ እንደሆነ ያውቃል። በቀጥታ ወደ ማሽን የሄደ ልጅ የወጣለትን ሁሉ ይጽፋል።

---

ሂሳብ_ወዳድ

ስለ Kው የተናገሩት ያሳምነኛል። ፈተና ላይ ግን አሁንም ሙሉውን ነው የምፈታው፣ እዚያ K እንደተሰጠ ልክ ነው የሚወሰደው።

---

ሰላም_ዶሃ

ጤና ይስጥልኝ። ይህን ክር ሳነብ ልቤ ተነሳ፣ ምክንያቱም ሥራዬ ከዚህ ጋዝ ጋር ነው። የተፈጥሮ ጋዝ የሚጣራበት ቦታ ሰልፈር የሚወጣበት ክፍል ውስጥ ኦፕሬተር ነኝ። እኛ ጋ ምድጃው ውስጥ ከሃይድሮጅን ሰልፋይዱ ሲሶውን ያህል አቃጥለን ወደ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ እንለውጠዋለን፣ ያ ደግሞ ከቀረው ጋር ሰልፈር ይሰጣል። ምድጃው ከ1000 ዲግሪ በላይ ስለሆነ ከጋዙ የተወሰነው ቃል እንደጻፈችው ተበትኖ ሃይድሮጅን ይሆናል። ከምድጃው ወጥቶ በቦይለሩ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ሃይድሮጅኑና ሰልፈሩ መልሰው ይገናኛሉ።

ይህን በወረቀት ልሥራው ብዬ ከቀኝ ጀመርኩ። 0.200 ሞላር ሃይድሮጅን፣ 0.100 ሞላር ሰልፈር፣ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ዜሮ አልኩ። 800 ዲግሪ ላይ በተገለበጠው K፣ ማለትም 5.99×10⁶፣ xን ትቼ ሠራሁ። 77 ሞላር መጣልኝ። ከ0.100 ሞላር ተነስቼ 77 ሞላር እንዴት ይቀነሳል? ምን አጠፋሁ?

---

መምህር_ወሎ

ሰላም፣ 77 ሞላሩ ራሱ መልስ ሰጥቶሃል፦ «እዚህ x ትንሽ አይደለም» ይላል። K ትልቅ ሲሆን ሪአክሽኑ እስከ ጫፍ ይሄዳል፣ ለውጡም መነሻውን በሙሉ ሊበላው ይደርሳል። ትልቅ የሆነውን ነገር ትንሽ ነው ብለህ ስለተውከው ቁጥሩ አመፀ።

እንዲህ አድርገው። መጀመሪያ ሁሉም ወደ ግራ ይሂድ በል፤ ማለትም 0.200 ሃይድሮጅንና 0.100 ሰልፈር ሙሉ በሙሉ ተዋህደው 0.200 ሞላር ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ሆኑ። ይህን አዲስ መነሻ አድርገህ ያዝ። ከዚያ ትንሽ ወደ ኋላ ይበተን። አሁን ሠንጠረዡን ስትሠራ ምን አገኘህ? የቃል ሠንጠረዥ ነው፣ አንድም ቁጥር ሳይለወጥ። መልሱም ያው ነው፣ ሰልፈር 1.19×10⁻³።

ሚዛኑ ከየት በኩል እንደመጣህ አያስታውስም። ስለዚህ መነሻውን አንተ ወደ ሚዛኑ ቅርብ ወደሆነው ጫፍ ማዛወር ትችላለህ፤ ከዚያ ጫፍ ስትነሳ ለውጡ ትንሽ ይሆናል፣ ግምቱም ይሠራል።

ይህ ግን የወረቀቱ ነው። የእናንተ ምድጃ ውስጥ ውሃም፣ ሰልፈር ዳይኦክሳይድም፣ ናይትሮጅንም አለ፣ ሙቀቱም ከቦታ ቦታ ይለያያል፣ ሲቀዘቅዝም ሚዛን ላይ ለመድረስ ጊዜ ላያገኝ ይችላል። በአንድ መስመር ሠንጠረዥ የእናንተን ቁጥር አገኛለሁ ብዬ አልነግርህም።

---

ሰላም_ዶሃ

ገባኝ መምህር፣ ያክብርልኝ። እዚህ ኢንጂነሮቹ ለዚያ የተለየ ፕሮግራም ነው የሚጠቀሙት፤ እኔ ግን ሃይድሮጅኑ ለምን ከቦይለሩ በኋላ እንደሚቀንስ ለራሴ ማወቅ ፈልጌ ነበር።

---

ቃል_ፍሬሽ

ብዙ ተማርኩ፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ቀረኝ። መጨረሻ ላይ ሃይድሮጅን ሰልፋይዱን ስጽፍ 0.200 ልበል ወይስ 0.198? ጓደኛዬ «ትተነው የለ፣ 0.200 ነው» አለችኝ።

---

ዳግም77

እኔም 0.200 ነው የምጽፈው። 2xን ትቼ ሠርቼ መጨረሻ ላይ እንደገና መቀነስ ራሴን መቃረን ይሆንብኛል።

---

ሂሳብ_ወዳድ

0.198 ነው። ሙሉውን ፈትቼ አየሁት፤ x 1.18×10⁻³፣ ሃይድሮጅን ሰልፋይዱ 0.1976 ነው የሚመጣው። በሦስት አሃዝ 0.198። የተተወው xን ለማግኘት ብቻ ነው፣ x ከተገኘ በኋላ ወደ ሠንጠረዡ የመጨረሻ መስመር ይመለሳል። ይገርማል፣ x ራሱ በግምቱ ምክንያት ትንሽ ተዛብቷል፣ ሃይድሮጅን ሰልፋይዱ ግን በሦስት አሃዝ ልክ ሆኖ ወጣ።

---

መምህር_ወሎ

እኔም 0.198 ነው የምቀበለው፣ ምክንያቱም የተሰጠው 0.400 እና 2.00 ሦስት አሃዝ አለው። በሁለት አሃዝ ተሰጥቶ ቢሆን ግን 0.20 ነበር የሚሆነው፣ ክርክሩም አይነሳም ነበር። 0.200 ተብሎ ተጽፎ ሲሰጡ የሚቀበሉ ባልደረቦች አሉኝ፤ ያንቺ መምህር የትኛውን እንደሚፈልጉ መጠየቅ ይሻልሻል።

---

ቃል_ፍሬሽ

እሺ፣ እጠይቃለሁ። ቀጣዩን ጥያቄ ደግሞ ራሴ ሠራሁት፣ እዩልኝ። ዕቃው ውስጥ ከመጀመሪያው 0.200 ሞላር ሃይድሮጅን ሰልፋይድ እና 0.100 ሞላር ሃይድሮጅን አለ።

```
        2H2S      ⇌   2H2       +   S2
መነሻ     0.200        0.100          0
ለውጥ     -2x          +2x            +x
ሚዛን    0.200-2x     0.100+2x         x
```

አሁን ከላይ ያለው 2x ብቻውን አይደለም፣ ከ0.100 ጋር ተደምሯል፣ ስለዚህ እሱንም ተውኩት። ብቻውን የቀረው የሰልፈሩ x ብቻ ነው። (0.100)² ሲባዛ በx፣ ሲካፈል ለ(0.200)²። ኪዩብ ሩትም አላስፈለገኝም፣ x = 6.68×10⁻⁷ መጣ። 2xን ከ0.100 ጋርም ከ0.200 ጋርም አወዳደርኩ፣ ከሁለቱም እጅግ ያነሰ ነው። መልሼ ሳስገባ 1.67×10⁻⁷ ሰጠኝ።

---

መምህር_ወሎ

ልክ ነው። ማወዳደሩን ለሁለቱም በየተራ ማድረግሽን ወደድኩት።

---

አቤል_አዳማ

የመነሻው ሃይድሮጅን 0.100 ሳይሆን 0.0020 ቢሆንስ? እኔ ሁለቱንም ትቼ ስሠራ x = 0.00167 መጣልኝ። 2x 0.0033 ሆነ፣ ከ0.0020 ይበልጣል።

---

ቃል_ፍሬሽ

አቤል፣ ታችኛውን መተው ይቻላል፣ ላይኛውን ግን አይቻልም ማለት ነው። ታቹን 0.200 ብዬ ይዤ የላዩን ሳልተው ቁጥር እየቀያየርኩ ሞከርኩት። (0.0020+2x)² ሲባዛ በx 6.68×10⁻⁹ መስጠት አለበት። x 0.0008 ስል በዛ፣ 0.0006 ስል አነሰ፣ 0.00063 ላይ 6.70×10⁻⁹ ሰጠኝ። ታቹን ደግሞ አየሁት፣ 2x 0.00126 ነው፣ ከ0.200 አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም።